ያውቁ ኖሯል? ከሐርቡ ደሴ መውጣትና ከደሴ ሐርቡ መውረድ ለባትሪ አንድ አይደሉም

በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚቀመጠው ኃይል ኬሚካላዊ ነው። ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም ቅንጣቶች ከአንዱ ምሰሶ ወጥተው ወደ ሌላው፣ ወደ ግራፋይቱ ይገባሉ፤ ሲነዳ ወደ ቀድሞው ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ኤሌክትሮኖች ደግሞ በሽቦ ዞረው ሞተሩን ያንቀሳቅሳሉ።

መጠኑ የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 3 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢግል 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ከፈጀ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ማለት ነው። በሜዳ ላይ ግን!

ሐርቡ 1500 ሜትር፣ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሜዳ ቢሆን ኖሮ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃ ነበር። 1800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ግን ተጨማሪ 5 ያህል ይፈልጋል፤ ድምሩ 12 ይሆናል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር መኪናውን እየያዘ 3 ያህሉን ለባትሪው ይመልሳል። ስለዚህ መውረዱ የሚፈጀው 4 ብቻ፣ የመውጣቱን ሲሶ ነው።

ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የተመለሰው ኃይል ማረፊያ ስለሚያጣ በዚሁ መንገድ ላይ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ሸክም በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ደሴ ላይ ቻርጅ አድርገው የሚወርዱ ከሆነ 90 በመቶ ላይ ያቁሙት።