አዲሱ መመሪያ ከመቼ ጀምሮ ይሠራል?

አዲስ የወጪ መተኪያ መመሪያን የሚያስታውቅ የውስጥ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው በገንዘቡ ሳይሆን በቀኑ ነው። «ከሐምሌ 1 ጀምሮ ተግባራዊ ይሆናል» ይላል። የሚታየው ግን ወጪው የወጣበት ቀን ነው ወይስ ጥያቄው ሒሳብ ክፍል የገባበት?

አንድ ሠራተኛ ሰኔ 29 ለሥራ ሐዋሳ ሄዶ ሐምሌ 2 ተመለሰ እንበል። ሦስቱንም ሌሊት ያደረው በ1,200 ብር አልጋ ነው። የቀድሞው መመሪያ ለአንድ አዳር እስከ 900 ብር ይተካ ነበር፤ አዲሱ እስከ 1,400 ብር ይተካል። በወጪው ቀን ከተሰላ የሰኔዎቹ ሁለት ሌሊቶች በ900 ተይዘው 3,000 ብር ያገኛል። ጥያቄው በቀረበበት ቀን ከተሰላ ግን ሙሉውን 3,600 ብር ይወስዳል።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ደረሰኝ ይዞ የሚያዘገይ ሰው ከፈጠነው የበለጠ ሊያገኝ አይገባም። ስለዚህ ማስታወሻው «ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ለወጡ ወጪዎች ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በፊት የወጣው፣ ዘግይቶ ቢቀርብም፣ በቀድሞው መመሪያ ይወራረዳል» ብሎ ይጻፍ፤ እንዲህ ያለ ስሌትም ከሥሩ ያስቀምጥ።

የደረሳችሁ ማስታወሻ ይህን ካላብራራ፣ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ሒሳብ ክፍልን በጽሑፍ ጠይቁ።