«ቤቱ እንዲያዝልዎ 500 ዶላር ይላኩ»

ሲያትል ውስጥ የሚከራይ ቤት ያመለከተ ሰው እንዲህ ያለ መልእክት ደረሰው እንበል፦ «ከተመረጡት አምስት አመልካቾች አንዱ ነዎት። መታወቂያዎን፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ደረሰኝዎንና የባንክ መግለጫዎን እስከ ዓርብ ማታ ይላኩ። ቤቱ እንዲያዝልዎ ደግሞ 500 ዶላር ይክፈሉ፤ ቀድሞ የከፈለ ይወስደዋል።»

ሰነዶቹ የተለመዱ ናቸው። ኡበር የሚነዳ ሰው የደመወዝ ደረሰኝ ከሌለው ያለፈውን ዓመት የግብር ሰነድ ማቅረብ ይችል እንደሆነ አከራዩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ነገሩ የሚበላሸው ብሩ ላይ ነው።

በዋሽንግተን ግዛት ሕግ አከራይ አመልካቹን ተራ ለማስያዝ ብቻ ገንዘብ መቀበል አይችልም። ቀብድ መጠየቅ የሚችለው «ቤቱን ለአንተ ሰጥቻለሁ» ካለ በኋላ ነው። ለአምስት ሰው በአንድ ጊዜ የተላከ መልእክት ቤቱን ለማንም አልሰጠም፤ ስለዚህ ከአምስቱም ቀብድ የሚሰበስብ አከራይ ሕግ ጥሷል። ከተማዋ ደግሞ ከዚህም አልፋ ትሄዳለች። በሲያትል ክልል ውስጥ አከራዩ ማመልከቻዎቹን በደረሱበት ቅደም ተከተል ማየት፣ መስፈርቱን መጀመሪያ ላሟላው ሰው ቤቱን መስጠትና እንዲወስን 48 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ይህ የከተማ ደንብ ነው፤ ሬንተን ወይም ተክዊላ ያለ ቤት ላይ አይሠራም። የቀብዱ ሕግ ግን በመላው ግዛት ይጸናል።

ቤቱ ለእርስዎ ከተሰጠስ? ቀብዱ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ሩብ መብለጥ የለበትም። ኪራዩ 2,000 ዶላር ከሆነ 500 ልኩ ነው፤ 800 ከተጠየቁ አይክፈሉ። ሲከፍሉ ወዲያውኑ ደረሰኝና ገንዘቡ በምን ሁኔታ እንደሚቀር የሚናገር ጽሑፍ ይሰጥዎታል። ቤቱ ከገቡ 500ው ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ወይም ከማስያዣው ይታሰባል። ከኪራዩ ከታሰበ የሚቀርብዎት 1,500 ነው፤ ለየብቻ ደግመው ሊያስከፍሉዎት አይገባም። ሐሳብዎን ቀይረው ከተዉት ግን በጽሑፉ መሠረት ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፣ ሕጉ ግን አያግዘውም። በመንግሥት የኪራይ ድጎማ የሚከራይ ሰው የተለየ መከላከያ አለው፤ ቤቱ የድጎማውን ፍተሻ ካላለፈ ቀብዱ ይመለስለታል።

ሕጉን የጣሰ አከራይ የተቀበለውን ገንዘብ እንዲመልስና በዚያ ላይ እስከ እጥፉ ድረስ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝዝ ይችላል። ያን ጊዜ ማስረጃ የሚሆነው መልእክቱ ራሱ ነውና አያጥፉት። ቤቱን ውስጡን ሳያዩ፣ ወይም በስጦታ ካርድ ክፈሉ ለሚል ሰው፣ አንድም ዶላር አይላኩ። ዓርብ ማታ ቢያልፍም ይለፍ። አስቀድመው ይህን ብቻ ጽፈው ይጠይቁ፦ «ቤቱ ለእኔ ተሰጥቷል ወይስ ገና ምርጫ ላይ ነው?»