ስድስት ሜትር ዓምድ፣ አምስት ውፍረት

አምስቱን የክላሲካል አርክቴክቸር ኦርደሮች ለፈተና የሚያጠና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብዙ ጊዜ ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ ጽፎ ይሸመድዳል። ፈተናው ላይ ሲቀመጥ ይደባለቁበታል። እኔ የምመክረው አንድ ቁመት መርጦ አምስቱንም በዚያው ላይ መሥራትን ነው።

ኦርደር የሚባለው ዓምዱ፣ ከላዩ የሚያርፈው አግዳሚ ክፍል ማለትም ኢንታብላቸሩ፣ ካለም ከሥሩ የሚገባው ፔዴስታል እርስ በርስ የሚመጣጠኑበት ደንብ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ቪኞላ በ1562 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ደንቡን በጣም አቀለለው። ለሁሉም ኦርደር ፔዴስታሉ የዓምዱ ቁመት ሲሶ፣ ኢንታብላቸሩ ደግሞ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ጠቅላላው ቁመት ለ19 ይከፈልና 4ቱ ለፔዴስታል፣ 12ቱ ለዓምድ፣ 3ቱ ለኢንታብላቸር ይደርሳሉ።

የ9.5 ሜትር ፊት ለፊት ተሰጠን እንበል። አንዱ ክፍል 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ፔዴስታሉ 2 ሜትር፣ ዓምዱ 6 ሜትር፣ ኢንታብላቸሩ 1.5 ሜትር ይወጣል። እስካሁን የትኛው ኦርደር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ልዩነቱ የሚመጣው ውፍረቱ ላይ ነው። የዓምዱ ቁመት በቱስካን የታችኛው ዲያሜትር 7 እጥፍ፣ በዶሪክ 8፣ በአዮኒክ 9፣ በኮሪንቲያንና በኮምፖዚት 10 እጥፍ ነው። ስድስቱን ሜትር ስናካፍል ቱስካኑ 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ዶሪኩ 75፣ አዮኒኩ 67 ገደማ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 60 ይሆናሉ። ሁለቱን የሚለያቸው የዓምዱ ራስ ነው፤ ኮምፖዚት ከኮሪንቲያን ቅጠሎች በላይ የአዮኒክን ትልልቅ ጥቅልሎች ይጨምራል።

ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ሞጁል ነው። የቪኞላ ሞጁል የዲያሜትሩ ግማሽ ስለሆነ ዶሪክ በሞጁል 16 ነው። 16ን እንደ ዲያሜትር የቆጠረ ተማሪ 37.5 ሳንቲ ሜትር ያገኛል። በዚያው ቁመት ከኮሪንቲያኑ የቀጠነ ዶሪክ ከወጣ ስሌቱ መበላሸቱን እዚያው ማወቅ ይቻላል። የዓምዱ ቁመት መሠረቱንና ራሱን እንደሚጨምርም አይዘንጋ።

ሌላው ስህተት የቪኞላን ደንብ የግሪክ ቤተ መቅደስ ላይ መጫን ነው። የአቴንሱ ፓርቴኖን ዶሪክ ነው፤ የውጭ ዓምዶቹ ቁመት ግን 10.4 ሜትር፣ የታችኛው ዲያሜትራቸው 1.9 ሜትር ገደማ ስለሆነ 5.5 እጥፍ ያህል ብቻ ናቸው። ኢንታብላቸሩም ከሩብ አልፎ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ቪኞላ የጻፈው በሮማውያን ሕንፃዎች ላይ ተመሥርቶ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። ሥዕል ቀርቦ «ይህ የማን ዶሪክ ነው?» ከተባለ መጀመሪያ እግሩን ማየት ነው፤ የግሪኩ ዓምድ መሠረት የለውም፣ በቀጥታ ወለሉ ላይ ይቆማል፤ የቪኞላው ግን መሠረት አለው።