ስድስት ስምንተኛ ወይስ ሦስት አራተኛ?

(ድምፅ፦ ጣት ጠረጴዛን በእኩል ፍጥነት ስድስት ስድስት ጊዜ ሲመታ)

ተራኪ፦ የምትሰሙት ስድስት እኩል ምት ነው። አንዱ ከሌላው አይረዝምም፣ አንዱም ከሌላው አይጎላም። ሙዚቀኞች እያንዳንዱን ስምንተኛ ኖታ ይሉታል፤ ስድስቱ ተደምረው ሦስት ሩብ ኖታ ይሞላሉ። ስለዚህ የ6/8 እና የ3/4 ባር የሚይዙት የኖታ መጠን አንድ ነው። የሚለያቸው ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

(ድምፅ፦ ያው ምት፤ አንደኛውና አራተኛው ጎልተው)

ተራኪ፦ አንደኛውንና አራተኛውን ስናጎላቸው ስድስቱ በሦስት በሦስት ይከፈላሉ። እግራችንም በአንድ ባር ሁለት ጊዜ ይረግጣል። 6/8 ይህ ነው። ሰርግ ቤት የምናውቀው ችክችካም አብዛኛውን ጊዜ በኖታ የሚጻፈው በዚሁ ነው።

(ድምፅ፦ ከበሮ፣ ችክችካ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል። ከዚያ ኪቦርድ፣ የልደት ዜማ)

ተራኪ፦ «ሃፒ በርዝዴይ» ግን በ3/4 ነው። ምቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደናሉ፤ የሚጎሉት አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ናቸው፤ እግርም ሦስት ጊዜ ይረግጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ከመጀመሪያው ድምፅ «አንድ» ብለው መቁጠር ስለሚጀምሩ ነው። ዜማው የሚነሳው በሦስተኛው እርግጫ ነው። «ሃፒ» በዚያ ላይ ያልፍና «አንድ» የሚባለው «በርዝ» ሲመጣ ነው።

(ድምፅ፦ ጭብጨባ፤ አንድ ባር በሁለት፣ ቀጣዩ በሦስት፣ እየተፈራረቀ)

ተራኪ፦ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሰለፈ ዘፈንም አለ። ሊዮናርድ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1957 ብሮድዌይ ላይ ለታየው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የደረሰው «አሜሪካ» ነው። መነሻው ዋፓንጎ የተባለው የሜክሲኮ ጭፈራ ሲሆን፣ የታወቀው አዝማች አንድ ባር በ6/8፣ ቀጣዩን በ3/4 እያፈራረቀ ይሄዳል። «አሜሪካ» የሚለው ቃል ራሱ ድንበሩን ይሻገራል። «አ» የ6/8ቱ ባር የመጨረሻ ምት ናት፤ «ሜ»፣ «ሪ»፣ «ካ» ደግሞ የ3/4ቱ ሦስት እርግጫዎች ናቸው።

ዘፈኑን ስትሰሙ ጣታችሁን በእኩል ፍጥነት እያስኬዳችሁ በእግራችሁ ጉልበቱን ተከተሉ። ጣት ፍጥነቱን አይለውጥም፤ የሚለወጠው እግር ነው። ከአንዱ እርግጫ እስከ ቀጣዩ ሦስት የጣት ምት ከገባ 6/8 ነው፤ ሁለት ከገባ 3/4 ነው።

(ድምፅ፦ ፈጣን ቫልስ)

ተራኪ፦ ይህ መለያ ፈጣን ቫልስ ላይ ያስቸግራል። ፍጥነቱ ሲጨምር እግር በባር አንዴ ብቻ ይረግጣል፤ ሁለት የ3/4 ባሮችም እንደ አንድ የ6/8 ባር ይሰማሉ። ያን ጊዜ ጆሮ ብቻውን አይፈርድም፤ ደራሲው የጻፈውን ኖታ ማየት ያስፈልጋል።