ሁለት ዕጣ ያለው ደንበኛ

ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። አንዱ ግማሽ ዕጣ፣ አንዱ ሙሉ ዕጣ፣ አንዱ ደግሞ ሁለት ዕጣ ይይዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ባለ ሁለት ዕጣው ስሙ የመጠራት ዕድሉ ከባለ ሙሉው እጥፍ ነው። ኦዲተሮች ከአንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ የሚመረመሩትን ሂሳቦች ሲመርጡ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ በዚሁ አስተሳሰብ ይሠራል። ልዩነቱ እዚህ ዕጣው ለሰው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ብር መሰጠቱ ነው። 260,000 ብር ያለበት ደንበኛ 260,000 ዕጣ ይዟል ማለት ነው።

ለምሳሌ አንድ የጅምላ ነጋዴ እናስብ። በዱቤ የሸጠላቸው 400 ደንበኞች በድምሩ 6,000,000 ብር አለባቸው። ሁሉንም መጠየቅ አይቻልም። ኦዲተሩ ስማቸውን ብቻ ጽፎ 60 ሰው በዕጣ ቢያወጣ፣ የ260,000 ብሩም የ3,000 ብሩም ደንበኛ እኩል ዕድል አላቸው፤ ከመቶ 15። ስለዚህ ትልቁ ባለዕዳ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 85 ነው።

በብር ዕጣ ግን ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ሂሳቡ በስንት ብር ቢሳሳት አንባቢውን ያሳስታል? ኦዲተሩ 300,000 ብር አለ እንበል። ይህ የጠቅላላው 5 በመቶ ነው። ከ6,000,000ው ብር ውስጥ 300,000ው የተበላሸ ቢሆንና 60 ብሮችን በዕጣ ቢያነሳ፣ ከመቶ 95 ያህል ጊዜ ቢያንስ አንድ የተበላሸ ብር እጁ ይገባል። ስለዚህ 300,000ን ለ3 ያካፍላል፤ 100,000 ይወጣል። 3 የምትባለዋ ቁጥር ለ95 በመቶ እርግጠኝነት ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ የተወሰደች ናት። ከእንግዲህ በየ100,000ው ብር አንድ ዕጣ ይወጣል።

መነሻው የዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ 37,000 ወጣ እንበል። ኦዲተሩ መዝገቡን ከላይ ወደ ታች እየደመረ ይወርዳል። የመጀመሪያው ደንበኛ 22,000፣ ሁለተኛው 9,000 ነው፤ ድምሩ 31,000፣ ገና ነው። ሦስተኛው 48,000 ስለሆነ ድምሩ 79,000 ይደርሳል፤ 37,000ኛው ብር እዚህ ውስጥ ነው፤ ተመረጠ። አራተኛው 35,000 ነው፤ ድምሩ 114,000። ቀጣዩ ዕጣ 137,000 ስለሆነ ይታለፋል። አምስተኛው ያ ባለ 260,000 ብር ነው። 137,000ም፣ 237,000ም፣ 337,000ም በእሱ ውስጥ አረፉ፤ ሦስት ጊዜ ወጣ። መነሻው የትም ቢሆን፣ 100,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ሂሳብ ማምለጫ የለውም። ባለ 3,000ው ደግሞ ከመቶ 3 ዕድል አለው።

ልብ ይበሉ፣ የወጣው ብር ብቻውን አይመረመርም፤ ብሩ ያለበት ሂሳብ በሙሉ ይመረመራል። ለደንበኛው የማረጋገጫ ደብዳቤ ይላካል፤ መልስ ካልመጣ የመረካከቢያ ሰነድና ከዚያ በኋላ የተከፈለበት ደረሰኝ ይታያል።

አሁን ሁለት ስህተት ተገኘ እንበል። መዝገቡ 20,000 የሚለው ደንበኛ ያለበት 15,000 ብቻ ሆነ። ከመዝገቡ ሩቡ ውሸት ነው። ይህ ሂሳብ የተወከለበትን 100,000 ብር ሁሉ በዚያው ልክ ተሳስቷል ብሎ መገመት ግድ ስለሆነ፣ ስህተቱ 5,000 ሳይሆን 25,000 ተብሎ ይታሰባል። በ260,000ው ላይ ደግሞ 10,000 ብር ተጨምሮ ተገኘ። ይህ ግን አይባዛም፤ ትልልቆቹ ሂሳቦች ሁሉ ስለታዩ ማንንም አይወክልም። ግምቱ በድምሩ 35,000 ነው።

ከ300,000ው አንጻር ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ግምት እንጂ ጣሪያ አይደለም። ምንም ስህተት ባይገኝ እንኳ ናሙናው ሊናገር የሚችለው «ስህተቱ ከ300,000 አይበልጥም» ብቻ ነበር። አንድ የሚባዛ ስህተት ሲገኝ ሠንጠረዡ በ1.75 አባዝተህ ጨምር ይላል፤ 25,000 ሲባዛ 43,750 ይሆናል። የትልቁ ደንበኛ 10,000 ሲታከል ጣሪያው 353,750 ይደርሳል። ነጋዴው የተገኘውን 15,000 ብር ቢያስተካክልም 338,750 ይቀራል፤ አሁንም ከመስመሩ ያልፋል። ኦዲተሩ ምርመራውን ማስፋት ወይም ሂሳቡን እንዲያጠሩት ማስገደድ አለበት። ስህተት እንደሚጠበቅ እያወቀ ዜሮ አስቦ ያቀደ ሰው ይህ አይቀርለትም፤ ከመጀመሪያው ዕጣውን ጠበቅ አድርጎ፣ ለምሳሌ በየ60,000ው ቢያወጣ ኖሮ ቦታ ይተርፈው ነበር።

ዘዴው አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ የሚያድነው የተጋነነን እንጂ ያነሰን ቁጥር አይደለም። 90,000 ብር ያለበት ደንበኛ በስህተት 2,000 ተብሎ ቢጻፍ የያዘው 2,000 ዕጣ ብቻ ነው። ዜሮ የሆነ ሂሳብ ጭራሽ ዕጣ የለውም፤ ቅድሚያ ከፍለው ከዜሮ በታች የሆኑትም ተለይተው ለብቻቸው ካልታዩ ድምሩን ያፋልሱታል። ነጋዴው ለአቅራቢዎቹ ያለበትን ዕዳ ሲመረምር ችግሩ ይብሳል፤ ሰው ዕዳውን የሚደብቀው ባለመጻፍ ነውና። በዚያ በኩል ኦዲተሩ የዕዳ መዝገቡን ትቶ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከባንክ የወጡትን ክፍያዎች ይይዝና፣ እያንዳንዱ ዕዳ ቀድሞ ተመዝግቦ እንደነበር ወደ ኋላ እየሄደ ይፈልጋል።