ያውቁ ኖሯል? ማንም ያላመጣው 320 ነጥብ

ያውቁ ኖሯል አንድ ተማሪ በአራት ፈተናዎች 90፣ 75፣ 60 እና 50 በመቶ አምጥቶ ካርዱ ላይ 61 ቢጻፍለት መምህሩ እንዳልበደሉት?

ልጁ በደብተሩ ጀርባ አራቱን ደምሮ 275 አገኘ፤ ለአራት ሲያካፍለው 68.75 ሆነ። «ስምንት ነጥብ ገደማ ተወሰደብኝ» ቢል አይገርምም። የመምህሩ ወረቀት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ከ10 ነበር፣ 9 አመጣ። ሁለተኛው ከ20 ነበር፣ 15 አመጣ። ሦስተኛው ከ20 ነበር፣ 12 አመጣ። የማጠቃለያው ፈተና ከ50 ነበር፣ 25 አመጣ። ድምሩ 61 ነው። ልጁ የሠራው ተራ አማካይ ነው፤ አራቱን ፈተናዎች እንደ እኩያ ቆጠራቸው። መምህሩ የሠሩት ክብደት የተሰጠው አማካይ ነው፤ ከ50 የተያዘው ፈተና ከ10 የተያዘውን አምስት እጥፍ ይመዝናል።

ያውቁ ኖሯል ከዚያው ልጅ ጎን የተቀመጠው ጓደኛው እነዚያኑ አራት ቁጥሮች አምጥቶ 77 ሊያገኝ እንደሚችል?

እሱ የጀመረው በ50 በመቶ ነው፤ ከ10 አምስት። ቀጥሎ ከ20 አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ከ20 አሥራ አምስት፣ በመጨረሻ ከ50 አርባ አምስት። በተራ አማካይ ሁለቱም ልጆች 68.75 ናቸው፣ አይበላለጡም። በካርዱ ላይ ግን በ16 ነጥብ ይለያያሉ። ለአንድ ወላጅ ይህን በቃል ከማስረዳት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማሳየት ይቀላል፤ እኔም ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። ክብደቱን የወሰነው አስቀድሞ የተነገረ ደንብ እስከሆነ ድረስ የመጀመሪያው ልጅ ትክክለኛ ውጤት 61 ነው። ልጆቹ የፈተናዎቹን ክብደት የሰሙት ከፈተናው በኋላ ከሆነ ግን ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ቅሬታቸው የሚሰማ ነው።

ያውቁ ኖሯል ተራ አማካይም ክብደት እንዳለው?

አለው፤ ለሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ «ክብደት ልስጥ ወይስ አልስጥ» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። ጥያቄው «እያንዳንዱ ቁጥር የስንት ነገር ወኪል ነው?» የሚለው ነው። ቁጥሩ የአንድ ልጅ ከሆነ ክብደቱ አንድ ነው። የ60 ልጆች አማካይ ከሆነ ግን ከጀርባው 60 ልጆች አሉ።

ያውቁ ኖሯል የሁለት አማካዮች አማካይ ከየትም ያልመጣ ነጥብ ሊያበቅል እንደሚችል?

ቢቸናንና ሞጣን እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ እንጂ የትኛውም ትምህርት ቤት ውጤት አይደሉም። ቢቸና ላይ በአንድ ትምህርት ቤት 60 ተማሪዎች አንድ ዓይነት የሒሳብ ፈተና ወስደው አማካያቸው 48 ሆነ። ሞጣ ላይ በሌላ ትምህርት ቤት 20 ተማሪዎች ያንኑ ፈተና ወስደው አማካያቸው 64 ሆነ። ሪፖርት የሚያጠናቅረው ሰው ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና «የተማሪዎቻችን አማካይ ውጤት 56 ነው» ብሎ ይጽፋል።

አሁን ወደ ኋላ ተመልሰን ነጥቡን እንቁጠር። የቢቸናዎቹ 60 ልጆች በድምሩ 2,880 ነጥብ አምጥተዋል፤ የሞጣዎቹ 20 ደግሞ 1,280። አንድ ላይ 4,160 ነው። የልጆቹ ቁጥር 80 ስለሆነ ስናካፍለው 52 ይመጣል። የሪፖርቱን 56 በ80 ብናባዛው ግን 4,480 ይሆናል። ትርፍ 320 ነጥብ አለ ማለት ነው፤ ያንን ነጥብ በሁለቱም ከተማ የትኛውም ልጅ፣ በየትኛውም የመልስ ወረቀት ላይ አላመጣውም። አማካይ በትክክል መሠራቱን ማረጋገጫው ይኸው ነው፦ በብዛቱ ሲያባዙት እውነተኛውን ድምር መመለስ አለበት።

ስህተቱ የሚመጣው ከስንፍና አይደለም። ከየክፍሉ የሚደርሰው ሮስተር ግርጌ ላይ አማካይ ተጽፎ ስለሚመጣና የተማሪው ብዛት ሌላ ገጽ ላይ ስለሚቀር ነው። አማካይ ወደ ላይ ሲተላለፍ የልጆቹ ቁጥር አብሮት መሄድ አለበት። ቁጥሩ አንዴ ከተጣለ ሮስተሩን መልሶ ሳይገልጡ 52ን ማግኘት አይቻልም።

ያውቁ ኖሯል ያ 56 ግን ትክክለኛ መልስ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ?

ጥያቄው ስለ ልጆች ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤቶች ሲሆን ነው። አንድ ሰው «በአካባቢያችን አንድ ትምህርት ቤት በደምሳሳው ምን ያህል ውጤት ያስመዘግባል?» ካለ የሚቆጠረው ትምህርት ቤት ነው፤ ትልቁም ትንሹም እንደ አንድ ይቆጠራል። «አንድ ተማሪ በደምሳሳው ስንት አመጣ?» ካለ ደግሞ የሚቆጠረው ተማሪ ነው፤ መልሱም 52 ነው። ጥፋት የሚሆነው 56ን ጽፎ «የተማሪዎቻችን አማካይ» ብሎ መሰየም ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ሁለቱም አቆጣጠሮች አብረው ወጥተው ነበር። ከ845,099 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ ገደማ። ይህ በተማሪ የተቆጠረ ነው። በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ሆኑ። ይህ በትምህርት ቤት የተቆጠረ ነው፤ በጣት የሚቆጠሩ ልጆችን ያስፈተነም፣ በመቶዎች ያስፈተነም እንደ አንድ ተቆጥሯል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ልጅ እንደወደቀ ይነግረናል፤ ሁለተኛው ውድቀቱ በምን ያህል ቦታ እንደተዘረጋ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ለእኔ ሁለቱም ልብ የሚሰብሩ ናቸው።

ያውቁ ኖሯል የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. ውጤቶችን አማካይ በሁለቱም መንገድ ብናሰላው መልሱ አንድ እንደሆነ?

በ2014 ዓ.ም. ከ896,520 ተፈታኞች 29,909 አለፉ። የሁለቱን ዓመታት መቶኛ ደምሮ ለሁለት ማካፈል 3.28 ይሰጣል። ሁሉንም አላፊ ደምሮ ለሁሉም ተፈታኝ ማካፈልም 3.28 ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሁለቱ ዓመታት ተፈታኞች ቁጥር ተቀራራቢ ነው፣ መቶኛቸውም እንዲሁ። ልዩነት የሚፈጠረው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው፦ የቡድኖቹ መጠን ሲራራቅና ውጤታቸውም ሲራራቅ። አንዱ ከጎደለ ተራውን አማካይ የተጠቀመ ሰው ብዙ አይሳሳትም። ስህተቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚኖረውም በዚህ የተነሳ ነው።

ያውቁ ኖሯል ሁለቱም ከተሞች ተሻሽለው የጋራው አማካይ ሊወርድ እንደሚችል?

በምሳሌያችን እንቀጥል። በቀጣዩ ዓመት ቢቸና ከ48 ወደ 49 ከፍ አለች፤ ሞጣም ከ64 ወደ 65። የሁለቱም ከተሞች መምህራን ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ቢቸና ብዙ አዳዲስ ተማሪዎችን ተቀብላ ተፈታኞቿ ከ60 ወደ 100 አድገዋል፤ ሞጣ በ20 ጸንታለች። ድምሩ 4,900 እና 1,300፣ በአጠቃላይ 6,200 ነጥብ ይሆናል፤ ለ120 ልጆች ሲካፈል 51.67 ነው። ካለፈው ዓመት 52 ዝቅ አለ።

እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም፣ ስሌቱም አልተሳሳተም። የተለወጠው ክብደቱ ነው። የጋራው አማካይ ዝቅ ብሎ ሲያዩ «መምህራኑ ደከሙ» ከማለትዎ በፊት የየከተማውን ውጤት ለየብቻ፣ የተማሪውንም ቁጥር አብረው ይጠይቁ። የማስተማሩን ለውጥ ለመለካት የፈለገ ሰው የአምናውን ክብደት፣ ማለትም 60 እና 20ን፣ እንደያዘ የዘንድሮውን ውጤት ቢያሰላ 53 ያገኛል፤ በአንድ ነጥብ የተገኘው መሻሻል ያን ጊዜ ፊት ለፊት ይታያል።

ያውቁ ኖሯል ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ላይ በ60 ሄዶ በ30 የተመለሰ መኪና አማካይ ፍጥነቱ 45 እንዳልሆነ?

ከዚህ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ቆርጠን እንውሰድ። ሲሄድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስለነዳ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሲመለስ ዝናብ ይዞት በሰዓት 30 ስለነዳ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። 120 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት፤ አማካዩ 40 ነው። በዝግታው ላይ የቆየው ሁለት እጥፍ ጊዜ ስለሆነ ለዝግታው ሁለት እጥፍ ክብደት ይሰጠዋል። አንዱን ሰዓት በ60፣ ሌላውን ሰዓት በ30 ነድቶ ቢሆን ኖሮ 45 ትክክል ይሆን ነበር። የጤፍ ዋጋም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሦስት ኩንታል በ10,000 ብር ሒሳብ፣ አንድ ኩንታል ደግሞ በ14,000 ቢገዛ ኩንታሉን የገዛው በአማካይ በ11,000 እንጂ በ12,000 አይደለም።

ያውቁ ኖሯል ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅዎ ሁለት A፣ አንድ B እና ሁለት C አምጥቶ ነጥቡ ከ3.00 በታች ሊሆን እንደሚችል?

ሁለቱ C የመጡት ባለ 4 ክሬዲት ትምህርቶች ላይ ነው እንበል፤ B ባለ 3፣ አንደኛው A ባለ 3፣ ሌላኛው ባለ 2 ክሬዲት። ነጥቡን በክሬዲቱ እያባዛን ስንደምር 45 ይመጣል፤ ክሬዲቱ 16 ስለሆነ 2.81 ነው።

ያውቁ ኖሯል ኤክሴል ይህን ሁሉ በአንድ መስመር እንደሚሠራ?

አማካዮቹ በ`B2` እና `B3`፣ የተማሪዎቹ ቁጥር በ`C2` እና `C3` ከተቀመጡ የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B3,C2:C3)/SUM(C2:C3)
```

ለመጀመሪያው ዓመት ምሳሌያችን 52 ይሰጣል። `=AVERAGE(B2:B3)` ብለው ቢጽፉ 56 ይሰጥዎታል፤ መሳሳትዎንም አያስጠነቅቅዎትም። `AVERAGE` ሌላም ጠባይ አለው፦ ባዶ ሳጥን ሲያገኝ ይዘለዋል፣ 0 ሲያገኝ ግን እንደ ውጤት ይቆጥረዋል። ታሞ ያልተፈተነ ልጅ ሳጥኑ ባዶ ከተተወ የክፍሉ አማካይ የሚሰላው በተፈተኑት ብቻ ነው፤ 0 ከተጻፈበት ግን መላው ክፍል ዝቅ ይላል። ሮስተር የሚሞላ ሰው የቀረውን ልጅ በምን እንደሚመዘግብ ከሌሎቹ ክፍሎች መምህራን ጋር አስቀድሞ ካልተስማማ፣ የአንዱ ክፍል 58 ከሌላው 58 ጋር አንድ አይደለም።