ደላላው የሚሠራባቸውን የመድን ኩባንያዎች ሲቀይር ውልዎ ምን ይሆናል?

አንድ የመድን ደላላ ድርጅት ለደንበኞቹ ደብዳቤ ይልካል። ካሁን በኋላ ከእገሌ የመድን ኩባንያ ጋር እንደማይሠራ፣ በምትኩ ሁለት ሌሎች ኩባንያዎችን እንደጨመረና የደንበኞቹ ውል ሲታደስ ወደ እነሱ እንደሚዛወር ይነግራል። ደብዳቤው የደረሰው ባለ መኪና መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ታዲያ አሁን ኢንሹራንስ አለኝ ወይስ የለኝም?»

መልሱ አጭር ነው፤ አለዎት። የመድን ውል የተፈረመው በመድን ገቢውና በመድን ኩባንያው መካከል ነው። ደላላው አገናኝ እንጂ የውሉ ወገን አይደለም። በእኛ አገር ደላላና ወኪል በሕግ የተለያዩ ናቸው። ወኪሉ በኩባንያው ስም የሚሠራ ሲሆን ደላላው ግን ለደንበኛው ከተለያዩ ኩባንያዎች ዋጋና ሁኔታ አሰባስቦ ያቀርባል። ሁለቱም ፈቃድ የሚያገኙት ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ደላላው የሚከፈለውም ከመድን ኩባንያው በሚሰጠው ኮሚሽን ነው። ስለዚህ ደላላው ከአንድ ኩባንያ ጋር ቢለያይ የተቋረጠው የሁለቱ የሥራ ግንኙነት እንጂ የእርስዎ ውል አይደለም። አረቦኑን ከፍለው የያዙት ፖሊሲ እስከተጻፈበት የማብቂያ ቀን ድረስ ይጸናል።

ደላላ ዝርዝሩን የሚለውጥባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም። አንዱ ካሳ የማዘግየት ነገር ነው። ደንበኞች ጋራዥ ያስገቡት መኪና ለወራት ሲቆምባቸው ቅሬታው የሚያርፈው ደላላው ቢሮ ላይ ነው። ሌላው ኩባንያው ራሱ አንዳንድ ሥራዎችን መተዉ ነው፤ ለምሳሌ ያረጁ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖችን ወይም የጭነት መኪኖችን አልቀበልም ሊል ይችላል። ሦስተኛው የኮሚሽን አለመስማማት ነው። ይህን ሦስተኛውን ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅሰውም። ደንበኛው ግን ሊጠይቅ መብት አለው። «አዲሱን ኩባንያ የመረጡልኝ ለእኔ በምን ስለሚሻል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ካሳ አከፋፈል፣ ስለ ጥበቃው ስፋትና ስለ ኤክሰሱ መጠን በዝርዝር መናገር የማይችል ደላላ ምርጫውን ለደንበኛው ብሎ አላደረገም ማለት ነው።

በሂደት ላይ ያለ የካሳ ጥያቄ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ሥጋት አለው። እዚህ ላይ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ካሳውን የሚከፍለው አደጋው በደረሰበት ቀን ሽፋን ሰጥቶ የነበረው ኩባንያ ነው። መኪናው ሰኔ ላይ ተጋጭቶ ውሉ ሐምሌ ላይ ቢያበቃና በነሐሴ ወደ ሌላ ኩባንያ ቢዛወሩም የሰኔው ጉዳት የቀድሞው ኩባንያ ዕዳ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአከታተል ነው። ፋይሉን ይዞ ይሮጥ የነበረው ደላላ ከኩባንያው ጋር ከተለያየ በኋላ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ ፎቶና ፕሮፎርማ በመካከል ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ደላላው ያልተዘጋውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው እንደሚከታተል በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ፤ የፋይሉን ቁጥርና የሰነዶቹን ኮፒም በእጅዎ ያድርጉ። እስካሁን የሚሠራበት የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። «ደላላዬ ይዞልኛል» ብሎ መቀመጥ ይህን ጊዜ አያቆመውም።

ትልቁ ሥራ ያለው እድሳቱ ላይ ነው። ይህን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ሰው በ2015 ዓ.ም. በባንክ ብድር የአይሱዙ የጭነት መኪና ገዛ እንበል። መኪናውን በ2 ሚሊዮን ብር ዋጋ ሙሉ ኢንሹራንስ ገባለት። በየዓመቱ ደላላው እየደወለ «እንደነበረው ይታደስ?» ይለዋል፤ እሱም «ይታደስ» ይላል። በመሐሉ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ሆነ፤ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ባጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ናረ። የዚያ አይሱዙ የገበያ ዋጋ ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር ደርሷል እንበል። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ግን አሁንም 2 ሚሊዮን ነው።

አሁን መኪናው ተጋጭቶ የ800 ሺህ ብር ጥገና አስፈለገው። ባለቤቱ 800 ሺሁ ከ2 ሚሊዮን ስለሚያንስ ሙሉውን የሚከፈለው ይመስለዋል። ኩባንያው ግን መኪናው የተሸፈነው በግማሽ ዋጋው ነው ይላል፤ ለቀሪው ግማሽ መድን ሰጪው ራሱ ባለቤቱ እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ ካሳው 400 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚያ ላይ ባለቤቱ ከራሱ የሚሸፍነው ኤክሰስ፣ 20 ሺህ ብር ነው ብንል፣ ይቀነሳል። በእጁ የሚገባው 380 ሺህ ነው፤ 420 ሺህ ብር ከኪሱ ያወጣል። አረቦኑ ለምሳሌ የመኪናው ዋጋ ሁለት በመቶ ቢሆን ትክክለኛውን ዋጋ ላለማስመዝገብ ሲል በዓመት የቆጠበው 40 ሺህ ብር ነበር።

የደላላው ደብዳቤ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ውሉ ወደ አዲስ ኩባንያ ሲሄድ «እንደነበረው ይታደስ» የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጻፋል። መኪናውን ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ ለማስመዝገብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። በተቃራኒው ደላላው የድሮውን ቁጥር ገልብጦ በአዲሱ ቅጽ ላይ ቢያሰፍረው ያው ጉድለት በአዲስ ኩባንያ ስም ይቀጥላል።

አዲሱ ቅጽ ሌላም አደጋ አለው። የመጠየቂያ ቅጹ መኪናው ለምን እንደሚያገለግል፣ ማን እንደሚነዳውና ከዚህ ቀደም ስንት አደጋ እንደደረሰበት ይጠይቃል። የቀድሞው ኩባንያ በዓመታት ውስጥ ያወቃቸውን ነገሮች አዲሱ አያውቅም። በግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና አሁን በስልክ ጥሪ ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ ከሆነ፣ ወይም ያለፈው ዓመት ግጭት በቅጹ ላይ ካልተጻፈ፣ ኩባንያው አደጋ በደረሰ ጊዜ ፋይሉን ሲመረምር ያገኘዋል። ሕጉ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተሰጠ መግለጫ ውሉን እንደሚያፈርስ ይናገራል። ቅጹን ደላላው ቢሞላውም የሚፈርመው ደንበኛው ነው፤ ባዶ ቅጽ ላይ መፈረም ይቅር። ያለ አደጋ የቆዩ ሰዎችም ከቀድሞው ኩባንያ የአደጋ ታሪክ ማስረጃ ይጠይቁ። አረቦን የሚያስቀንሰው ቅናሽ በራሱ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይሻገርም፤ ማስረጃው ከቀረበና አዲሱ ኩባንያ ከተቀበለው ነው የሚሠራው።

የባንክ ዕዳ ያለበት ንብረት ከሆነ ደግሞ ባንኩም መስማት አለበት። በብድር በተገዛ መኪና ወይም ለብድር በተያዘ ቤት ፖሊሲ ላይ የባንኩ ጥቅም ተጽፎ ይገኛል። ኩባንያው ሲቀየር አዲሱ ፖሊሲም የባንኩን ስም መያዝና አሮጌው ከማብቃቱ በፊት ባንኩ እጅ መግባት አለበት። ይህ ከዘገየ ባንኩ በብድር ውሉ መሠረት ራሱ መድን ገዝቶ ወጪውን በተበዳሪው ሒሳብ ላይ ሊጽፈው ይችላል።

ቀጥሎ የቀኑ ጉዳይ አለ። በአገራችን ብዙ ፖሊሲዎች በእንግሊዝኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋሉ። ፖሊሲው ላይ «05/11/2025» የሚል የማብቂያ ቀን ቢኖር ጥቅምት 26 ቀን 2018 ማለት ነው፤ «11ኛው ወር ሐምሌ ነው» ብሎ የቆጠረ ሰው ግን ጥቅምት ላይ ያለ ሽፋን ይቀራል። አንዳንዱ ፖሊሲ ደግሞ የሚያበቃበትን ሰዓት ጭምር ይጽፋል። አዲሱ ውል አሮጌው ባበቃበት ሰዓት መጀመር አለበት፤ በመሐል አንድ ሌሊት እንኳ ክፍተት ካለ የዚያ ሌሊት አደጋ የማንም ኩባንያ አይደለም። የግዴታ የሆነውና መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድንም ከሙሉው ኢንሹራንስ ተለይቶ የራሱ ቀን ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱም ይታዩ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መኪና ማሽከርከር ያስቀጣል።

ክፍተት እንዳይኖር ብሎ ደግሞ ሁለት ውል ማደራረብም አይጠቅምም። ለአንድ ግጭት ከሁለት ኩባንያ ሁለት ካሳ አይገኝም፤ መድን የደረሰውን ጉዳት ይተካል እንጂ አያተርፍም። ውሉን በአጋማሽ አፍርሶ ወደ አዲሱ መዝለልም ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። አንድ ሰው የከፈለው የዓመት አረቦን 40 ሺህ ብር ቢሆንና ከስድስት ወር በኋላ ውሉን ቢተው 20 ሺህ ይመለስልኛል ብሎ ይጠብቃል። ፖሊሲው ግን ደንበኛው ራሱ ሲያቋርጥ የሚሠራበት የአጭር ጊዜ ሠንጠረዥ ሊኖረው ይችላል። በሠንጠረዡ የስድስት ወር ድርሻ የዓመቱ ሦስት አራተኛ ከሆነ የሚመለሰው 10 ሺህ ብቻ ነው። ኩባንያው ካሳ መክፈል አቅቶት ካልሆነ በስተቀር እስከ እድሳት ቀን መቆየቱ ይሻላል።

ደንበኛው የደላላውን ውሳኔ የመከተል ግዴታም የለበትም። በቀድሞው ኩባንያ አገልግሎት ረክቶ ከሆነ ፖሊሲውን በቀጥታ እዚያው ማደስ፣ ወይም ከዚያ ኩባንያ ጋር ለሚሠራ ሌላ ደላላ የውክልና ደብዳቤ መስጠት ይችላል። የሚያጣው የደላላውን ክትትል ነው። ያ ክትትል እስካሁን ምን ያህል እንደጠቀመው ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረስዎ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ከዚህ በፊት በሚያውቁት ስልክ ለደላላው ይደውሉና እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አዲስ የባንክ ሒሳብ ተሰጥቶዎት ከሆነ በተለይ። ከዚያ ፖሊሲውን አውጥተው የማብቂያውን ቀንና የተመዘገበውን ዋጋ ይመልከቱ። ከማብቂያው አንድ ወር አስቀድመው የሁለቱን ኩባንያዎች ዋጋ፣ ኤክሰስና የማይሸፈኑ ነገሮች ጎን ለጎን በጽሑፍ ይጠይቁ። አረቦኑን ሲከፍሉ ደግሞ የመድን ኩባንያው ራሱ የቆረጠው ደረሰኝና የፈረመበት ፖሊሲ እጅዎ ሳይገባ የድሮውን ውል አልታደሰም ብለው አይተዉት።